ከጆሮ እስከ ፎርም፦ በአይልትስ የማዳመጥ ፈተና ቁጥር፣ ቀንና ስፔል የሚደረግ ስም

የአይልትስ የማዳመጥ ፈተና አራት ክፍሎችና 40 ጥያቄዎች አሉት። ቅጂው 30 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ የሚሰማውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሁለት ሰዎች ስለ አንድ የዕለት ተዕለት ጉዳይ የሚነጋገሩበት ነው። አንደኛው ቤት ሊከራይ፣ ለኮርስ ሊመዘገብ ወይም የጠፋበትን ዕቃ ሊያስመዘግብ ይደውላል፤ ሌላው ስልኩን አንስቶ እየጠየቀ ይመዘግባል። ተፈታኙ ፊት ያለው ወረቀት ወይም ስክሪን ብዙ ጊዜ ያ መዝጋቢ የሚሞላውን ፎርም ይመስላል። የቤተሰብ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ የሚጀመርበት ቀን፣ ክፍያ ተደርድረው፣ አንዳንዱ ተሞልቶ አንዳንዱ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል።

ይህ ክፍል ከአራቱ ቀላሉ ነው። ሐሳብ መመርመር፣ አቋም መለየት፣ ረጅም ማብራሪያ መከተል አይጠይቅም። አሥር ጥያቄዎች ስላሉት ግን የጠቅላላው ውጤት ሩብ ነው፤ እያንዳንዱ ጥያቄም እንደ መጨረሻው ክፍል ከባድ ጥያቄ አንድ ነጥብ ይይዛል። የፈተናው ባለቤቶች ባሳተሙት መመዘኛ መሠረት ከ40ው 23 ያህል የመለሰ ሰው ወደ ባንድ 6፣ 30 ያህል የመለሰ ወደ ባንድ 7 ይደርሳል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሰባት ነጥብ ነው። እንግሊዝኛው ደህና የሆነ ሰው በመጀመሪያው ክፍል ሦስት ነጥብ ቢጥል፣ የዚያን ርቀት ግማሽ ሊጠጋ የሚችል ነገር የጣለው በሚያውቃቸው ቃላት ላይ ነው። አሥራ አምስትን በእንግሊዝኛ የማያውቅ ተፈታኝ የለም። ስህተቱ የሚፈጠረው ድምፁ ከጆሮ ተነሥቶ እጅ ላይ እስኪደርስ ባለው አጭር መንገድ ነው፤ ያ መንገድ አማርኛ ለለመደ ሰው የራሱ የሆኑ መሰናክሎች አሉት።

አናባቢዎቹ የሚለዋወጡበት ስም

ከሁሉም ነጥብ የሚያስጥለው ስም ነው። በፈተናው ውስጥ ተፈታኙ ሊያውቀው የማይችል የሰው ወይም የመንገድ ስም ሲመጣ ተናጋሪው ፊደል በፊደል ስፔል ያደርገዋል። ስፔል የማይደረግ ስም ካለ ከተለመዱ ቃላት የተሠራ ነው ማለት ነው፤ ድልድይ፣ ንጉሥ፣ አረንጓዴ፣ መናፈሻ የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መንገድና ሕንጻ ሲሰየምባቸው ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የሚጠበቀው ተፈታኙ ቃሉን ራሱ አስተካክሎ እንዲጽፍ ነው።

ስፔል ሲደረግ የአማርኛ ተናጋሪን መጀመሪያ የሚያሳስቱት አናባቢዎቹ ናቸው። ኢትዮጵያውያን የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጽፉ «ኢ» የሚለውን ድምፅ በ I፣ «ኤ» የሚለውን በ E ይወክላሉ። ፓስፖርት ላይ፣ የትምህርት ቤት ሰነድ ላይ፣ በስልክ መልእክት ላይ እጃቸው ለዓመታት የለመደው ይህንን ነው። የእንግሊዝኛ ፊደላት ስም ግን አንድ ደረጃ ያህል ዞር ብሎ ተቀምጧል። «ኢ» ተብሎ የሚጠራው ፊደል E ነው፤ «ኤይ» ተብሎ የሚጠራው A ነው፤ I ደግሞ «አይ» ይባላል። ተፈታኙ ይህን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ቢጠየቅ አይሳሳትም። በፍጥነት ሲጽፍ ግን እጁ የሚታዘዘው ለዕውቀቱ ሳይሆን ለልማዱ ነው፤ «ኢ» ሲሰማ I፣ «ኤይ» ሲሰማ E ይጽፋል። «ጂ» እና «ጄይ» ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። «ጂ» የሚል ድምፅ የሚያስከትለው G ሲሆን፣ ጅማንና ጅጅጋን በ J ሲጽፍ የኖረ እጅ ወደ J ይሮጣል።

ሁለተኛው ችግር በድምፁ በራሱ ላይ ያለ ነው፤ እንግሊዞችንም ሳይቀር ያስቸግራል። ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ፒ፣ ቲ፣ ቪ የሚባሉት ፊደላት ሁሉም በአንድ አናባቢ ያበቃሉ። ረጅሙና ጎልቶ የሚሰማው ክፍል የጋራቸው ነው፤ የሚለያቸው መጀመሪያ ላይ ያለች ቅጽበታዊ ድምፅ ብቻ ናት። አየር መንገዶችና ወታደሮች አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እያሉ ፊደልን በሙሉ ቃል የሚጠሩት ለዚህ ነው። በፈተናው ውስጥ ግን እንዲህ ያለ እርዳታ መጠበቅ አይቻልም። ከነዚህ ውስጥ አማርኛ ተናጋሪን በተለይ የሚፈትኑት «ፒ»፣ «ቢ» እና «ቪ» ናቸው። «ፐ» እና «ቨ» በአማርኛ በአብዛኛው ከውጭ በመጡ ቃላት ውስጥ ብቻ የሚገኙ በመሆናቸው፣ ጆሮ በጥድፊያ ውስጥ ሦስቱንም ወደ ለመደው «ቢ» ይስባቸዋል። መለያው እንዲህ ነው፦ «ፒ» ሲነገር ከከንፈር የሚወጣ የትንፋሽ ፍንዳታ ይሰማል፤ «ቢ» ፍንዳታ ቢኖረውም ትንፋሽ የለውም፤ «ቪ» ላይ ግን ፍንዳታ ጨርሶ የለም፤ ድምፁ እየተንዘረዘረ ይገባል። «ኤም» እና «ኤን»፣ «ኤፍ» እና «ኤስ» ደግሞ የተገላቢጦሽ ናቸው። መጀመሪያቸው አንድ ነው፤ የሚለዩት መጨረሻቸው ላይ ነው፤ ስለዚህ ፊደሉን ገና ሲጀመር ለይቻለሁ ብሎ የሚጽፍ ይሳሳታል።

ጥቂት ፊደላት ደግሞ እንደ ተናጋሪው አገር ይለወጣሉ። በፈተናው የብሪታንያ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድ፣ የአሜሪካና የካናዳ አነጋገር ሊሰማ ይችላል። የመጨረሻውን ፊደል እንግሊዞች «ዜድ» ሲሉ አሜሪካኖች «ዚ» ይላሉ፤ ይህም ከ«ሲ» ጋር ይቀራረባል። ብዙ እንግሊዞች R ሲሉ «ር» አይሰማም፤ የሚሰማው አፍ ተከፍቶ የሚወጣ ረጅም «ኣ» ነው። እንዲህ ያለ ከሌሎቹ ፊደላት ጋር የማይመሳሰል ረጅም «ኣ» ከተሰማ R መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ በቂ ነው። አውስትራሊያዊ «ኤይ» ሲል ደግሞ ወደ «አይ» ያዘነበለ ስለሚመስል፣ A ሊጻፍ የሚገባው I ሊሆን ይችላል። ይህን የሚፈታው ከዚያ ሰው አፍ አስቀድመው የወጡትን ቃላት ማስተዋል ነው፤ ስሙን ስፔል ከማድረጉ በፊት «ቱዴይ» ወይም «ዴይት» የሚሉትን እንዴት እንዳላቸው የሰማ ተፈታኝ ልኩን ይዟል።

አንዳንዴ ተናጋሪው ሙሉ ስሙን ስፔል አያደርግም፤ የተለመደውን ስም ይጠራና ልዩነቱን ብቻ ይናገራል። «ግሪን፣ ግን መጨረሻው ላይ ኢ አለው» ሲል Greene ማለቱ ነው። «ደብል» ሲል ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ይህን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን «ደብል» ሲሰማ የሚጻፍ ነገር ገና ስላልመጣ እጅ አንድ ምት መጠበቅ አለበት። ያቺ ምት የማትመችበት አንድ ፊደል አለ፤ W ራሱ «ደብል ዩ» ነው የሚባለው። በዚህ የተያዘ ሰው UU ብሎ ይጽፋል። መፍትሔው አጭር ነው፤ በእንግሊዝኛ ስሞች ውስጥ ሁለት U ተከታትለው አይገኙም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተሰማው ሁልጊዜ W ነው ብሎ መያዝ ያዋጣል።

ቲን እና ቲ

በቁጥር በኩል ስሙ የወጣው ወጥመድ ከ13 እስከ 19 ያሉት ቁጥሮች ከ30 እስከ 90 ካሉት ጋር የሚምታቱበት ነው። መማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ አንድ መመሪያ ይሰጣሉ፦ «ፊፍቲን» ሲባል ክብደቱ መጨረሻው ላይ ያርፋል፤ «ፊፍቲ» ሲባል መጀመሪያው ላይ። መመሪያው ትክክል የሚሆነው ቁጥሩ ብቻውን ወይም በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ሲነገር ነው። ከቁጥሩ በኋላ ክብደት ያለው ስም ሲከተል፣ ለምሳሌ «ፊፍቲን ፓውንድስ» ሲባል፣ የቲን ቁጥሮችም ክብደታቸውን ወደ መጀመሪያው ክፍለ ቃል ያሸሻሉ፤ መመሪያውን የተማመነ ተፈታኝም 50 ይጽፋል። ፎርም ላይ ደግሞ ቁጥር ብቻውን የሚነገርበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ፓውንድ፣ ደቂቃ፣ ሰው፣ ማይል ይከተለዋል።

የማይከዳው ምልክት የአናባቢው ርዝመትና መጨረሻው ላይ ያለው «ን» ነው። በ«ቲን» ውስጥ ያለው «ኢ» ይጎተታል፤ «ቲ» ግን አጭርና ቶሎ የሚቋረጥ ነው። «ን» ራሱ ቀጥሎ በሚመጣው ድምፅ ሊዋጥ ይችላል፤ ከ«ፓውንድስ» በፊት ወደ «ም» ያዘነብላል፤ ግን ድምፁ በአፍንጫ ማለፉ አይጠፋም። አሜሪካዊ ሲናገር አንድ ተጨማሪ ምልክት አለ። በ«ሰርቲ» እና በ«ፎርቲ» ውስጥ ያለውን «ት» አለዝቦ «ሰርዲ»፣ «ፎርዲ» የሚመስል ነገር ይላል፤ በ«ሰርቲን» እና በ«ፎርቲን» ውስጥ ያለው «ት» ግን ጠንክሮ ይቆያል። ስለዚህ የላላ «ት» ከተሰማ የሚጻፈው በዜሮ የሚያልቀው ቁጥር ነው።

ገንዘብ ሲነገር እንግሊዞች ያሳጥራሉ። «ቱ ፊፍቲ» ሲባል 2.50 ወይም 250 ሊሆን ይችላል፤ የሚወስነው የሚሸጠው ነገር ነው፤ ለአንድ ስኒ ቡና የመጀመሪያው፣ ለወር ኪራይ ሁለተኛው። «ትዌልቭ ሀንድረድ» 1200 ነው። «ዋን ኦ ፋይቭ» ደግሞ 105 ነው፤ «ኦ» ዜሮ ነውና። በስልክ ቁጥር፣ በክፍል ቁጥርና በአውቶቡስ ቁጥር ዜሮን «ኦ» ማለት በብሪታንያ የተለመደ ነው።

የስልክ ቁጥር ሌላ ልማድ ያጋጫል። ብዙ ኢትዮጵያዊ የስልክ ቁጥር ሲናገር ሁለት ሁለቱን አጣምሮ፣ አሥራ አንድ፣ ሃያ ሦስት፣ አርባ አምስት እያለ ነው። እንግሊዛዊ ግን አኃዞቹን አንድ በአንድ ይጠራል፤ ተመሳሳይ ሁለት አኃዝ ሲገናኙ ብቻ «ደብል»፣ ሦስት ሲሆኑ «ትሪፕል» ይላል። ሦስት ወይም አራት አኃዝ ካለ በኋላ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ ይቆማል፤ በመጨረሻው ቡድን ላይ ድምፁ ይወርዳል። ያ መውረድ ቁጥሩ ማለቁን ይነግራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጊዜ የሚበላው «ሰቨን» ሲሰማ በልብ «ሰባት» ብሎ ከዚያ 7 መጻፍ ነው። አማርኛው በመሃል የገባ አላስፈላጊ ፌርማታ ነው፤ ሁለት አኃዝ እስኪያልፍ አይታወቅም፤ ሦስተኛው ላይ እጅ ወደ ኋላ ይቀራል።

ቀንና ሰዓት

ቀን ሲነገር የቲንና የቲ ችግር ሌላ ልብስ ለብሶ ይመለሳል። አሥራ ሦስተኛው «ሰርቲንስ»፣ ሠላሳኛው «ሰርቲየስ» ይባላሉ። እዚህ ግን ጆሮ የሚይዘው ነገር አለ። ሠላሳኛው አንድ ክፍለ ቃል ይጨምራል፤ «ቲ» ካለ በኋላ «የስ» ይላል። አሥራ ሦስተኛው ላይ «ን» ከመጨረሻው ድምፅ ጋር ተጣብቆ ይወጣል። ክፍለ ቃል መቁጠር የቻለ አይሳሳትም፤ ለሠላሳኛው ሦስት፣ ለአሥራ ሦስተኛው ሁለት።

ከወራት ውስጥ የሚቀራረቡት ጁንና ጁላይ ናቸው። ጁን አንድ ክፍለ ቃል ነው፤ ጁላይ ሁለት ሆኖ ክብደቱ መጨረሻው ላይ ነው። ከሳምንቱ ቀናት ማክሰኞና ሐሙስ በእንግሊዝኛ ይመሳሰላሉ፤ ማክሰኞ በ«ቹ» ወይም በ«ትዩ»፣ ሐሙስ ምላስ ጥርስ ነክቶ በሚወጣ ድምፅ ይጀምራል። የወራትና የቀናት ስም ስፔል አይደረግም፤ ስለዚህ ፌብሩዋሪንና ዌንስዴይን አስቀድሞ በትክክል መጻፍ መቻል ያስፈልጋል። በሁለቱም ውስጥ የማይሰማ ወይም እምብዛም የማይሰማ ፊደል አለ፤ አንዷ ፊደል ከጎደለች መልሱ ስህተት ነው። ቀኑን ራሱን 30 June ወይም June 30 ብሎ መጻፍ ይቻላል። ከኋላው ሁለቱን የተራ ቁጥር ፊደላት መጨመር አያስቀጣም፤ አያስፈልግምም። መጨመሩ ለስህተት በር ከመክፈት በቀር ጥቅም የለውም።

እዚህ ላይ መመሪያው ያለው ክብደት መጠቀስ አለበት። ከጥያቄዎቹ በላይ መልሱ ከአንድ ወይም ከሁለት ቃልና ከአንድ ቁጥር እንዳይበልጥ የሚያዝ ዓረፍተ ነገር አለ። ከተባለው የበለጠ ቃል የጻፈ፣ መልሱ በውስጡ ቢኖርም፣ ነጥብ አያገኝም። ቀን፣ ወርና «ኦፍ» የሚለውን ቃል ሁሉ የሰማውን እንዳለ የሚገለብጥ ሰው ከሚፈቀደው በላይ ሊሄድ ይችላል።

ሰዓት ለኢትዮጵያዊ ሁለት ገጽታ አለው። እንግሊዞች ሲያሳጥሩ «ሃፍ ሰቨን» ይላሉ፤ ይህ 7.30 ነው፤ ሰባት ተኩል ከሚለው ጋር ስለሚገጥም አማርኛ ተናጋሪ በዚህ አይቸገርም። ሩብ ጉዳይም እንደዚያው ነው። የሚያስቸግረው ስድስት ሰዓቱ ነው። በአገር ቤት አቆጣጠር ጠዋት አንድ ተኩል የሚባለው በእንግሊዝኛ 7.30 ነው። ሰዓቱን ለመረዳት ሲል በልቡ ወደ አገሩ አቆጣጠር የሚመልስ ተፈታኝ 1.30 ጽፎ ሊገኝ ይችላል። ፎርሙ የሚጠይቀው የተባለውን እንጂ ሰዓቱ በአዲስ አበባ ምን ይባላል የሚለውን አይደለም፤ በጆሮ የገባው ቁጥር ሳይነካ መጻፍ አለበት። የወር ስምም እንዲሁ ነው። ጁን 30 ሰኔ 23 መሆኑ ለሌላ ጊዜ የሚጠቅም ዕውቀት ነው።

አንድ ንግግር ከነፎርሙ

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ በአንድ ንግግር ውስጥ ሲገናኝ ምን እንደሚመስል ለማየት፣ ለማሳያ የተዘጋጀ አንድ ምዝገባ እንውሰድ። አንዲት ሴት በእንግሊዝ አገር ለማታ የሸክላ ሥራ ኮርስ ለመመዝገብ ትደውላለች። በስክሪኑ ላይ ያለው ፎርም አምስት ባዶ ቦታዎች አሉት፦ የቤተሰብ ስም፣ የመንገድ ስም፣ ስልክ፣ ኮርሱ የሚጀመርበት ቀን፣ እና የፓውንድ ምልክት ከፊቱ የታተመበት የቀብድ መጠን።

ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት ጥያቄዎቹን ለማንበብ ጥቂት ሰከንዶች ይሰጣሉ። የለመደ ተፈታኝ በዚያ ጊዜ ከእያንዳንዱ ባዶ ቦታ ምን ዓይነት ነገር እንደሚመጣ ይወስናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስፔል የሚደረጉ ናቸው፤ ሦስተኛው ረጅም ቁጥር ነው፤ አራተኛው ቁጥርና ወር፤ አምስተኛው አነስ ያለ ቁጥር፣ ምክንያቱም ቀብድ ከሙሉ ክፍያ ያንሳል። ይህቺ የመጨረሻዋ ግምት ኋላ ዋጋ ይኖራታል።

መዝጋቢው የቤተሰብ ስሟን ይጠይቃል። ሴትየዋ ስሟን ትጠራና «ፒ፣ ኢ፣ ጂ» ብላ ጥቂት ቆማ፣ «አር፣ ኤይ» ከዚያም «ቪ፣ ኢ» ትላለች። ትክክለኛው መልስ Pegrave ነው። በላቲን አማርኛ ልማዱ ብቻ የጻፈ ሰው PIJREVI የሚል ነገር ያገኛል፤ ሁለቱ «ኢ» ወደ I፣ «ጂ» ወደ J፣ «ኤይ» ወደ E ሄደዋል። ከሰባቱ ፊደላት አራቱ ተሳስተዋል፤ አንድም ድምፅ ግን አላመለጠውም። ይህ ዓይነቱ ስህተት ጆሮን በማሠልጠን የሚታረም አይደለም፤ የሚታረመው እጅን በማሠልጠን ነው። ሌላ ሰው ደግሞ አናባቢዎቹን ሁሉ በትክክል ይጽፍና «ቪ» ላይ ቢቆም፣ B ነው V እያለ ሲያመነታ የመጨረሻዋ ፊደል ታልፈዋለች። እንዲህ ሲሆን ያላረጋገጡትን ፊደል በሰረዝ ተክቶ መቀጠል ነው። Pegra-e ብሎ የቀረ ሰው በኋላ ተረጋግቶ ሲያየው ሴትየዋ ስሟን በሙሉ ስትጠራ የሰማውን ድምፅ አስታውሶ ሊሞላው ይችላል።

የመንገዱ ስም ቀጥሎ ይመጣል፦ «ደብልዩ፣ ዋይ፣ ኤይ፣ ደብል ቲ»። መልሱ Wyatt ነው። ሁለት «ደብል» ይሰማል፤ አንደኛው የፊደሉ ስም ነው፤ ሁለተኛው ትእዛዝ ነው። «ዋይ» ደግሞ Y ሲሆን፣ ችኩል ጆሮ «አይ» ብሎ ሊወስደው ይችላል።

ስልኩን ስትናገር «ኦ ደብል ሰቨን፣ ደብል ኦ፣ ናይን ደብል ኦ፣ ደብል ስሪ ኤይት» ትላለች። ሲጻፍ 07700900338 ነው። (የብሪታንያ የመገናኛ ተቆጣጣሪ ኦፍኮም ለፊልምና ለድራማ ብሎ ለይቶ ካስቀመጣቸው ቁጥሮች አንዱ በመሆኑ ይህ ስልክ የማንም አይደለም።) መዝጋቢው ቁጥሩን መልሶ ሲያነብ መጨረሻው ላይ «ናይን» ይላል፤ እርሷም «ኖ፣ ኤይት» ብላ ታርመዋለች። እንዲህ ያለው መመለስ በዚህ ክፍል በተደጋጋሚ ያጋጥማል፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል። ያመለጠውን አኃዝ ለመያዝ ሁለተኛ ዕድል ይሰጣል፤ በትክክል የጻፈውንም ሰው ያደናግራል። ሲመለስ የተሰማው ካልገጠመ መጀመሪያ የጻፉትን ማጥፋት አይገባም፤ ባለቤቷ እስክትናገር መጠበቅ ነው። የብሪታንያ የሞባይል ቁጥር በ07 ጀምሮ 11 አኃዝ ስለሚሆን፣ ቆጥሮ አሥር ያገኘ ሰው አንድ «ደብል» እንዳለፈው ያውቃል።

ቀኑ ላይ ሴትየዋ በጁን «ሰርቲንስ» የሚጀመረውን እንደምትፈልግ ትናገራለች። መዝጋቢው ያ ቡድን መሙላቱን ይነግራታል። ጁላይ 2 የሚጀመር ሌላ ቡድን አለ፤ እርሱ ግን ልምድ ላላቸው ነው። ለጀማሪ ያለው «ሰርቲየስ» ነው። «ሰርቲየስ፣ እሺ» ትላለች። መልሱ 30 June ነው። እዚህ ሦስት ቀኖች ተጠርተዋል፤ ፎርሙ ላይ የሚገባው ሁለቱም የተስማሙበት ነው። መጀመሪያ የሰማውን ጽፎ እርሳሱን ያስቀመጠ ተፈታኝ 13 ይዞ ይቀራል፤ ቀጥሎ ያለውን የሰማ ግን ያልለየ ደግሞ ለውጡን ራሱን አያስተውለውም። የሚለወጥ ነገር ሲመጣ እንግሊዝኛው አስቀድሞ ያስታውቃል፤ «አክቹዋሊ»፣ «ሶሪ»፣ «ኖ ዌይት»፣ «አይ ሚን» እና ፍርሃት ያለበት «አፍሬድ» የሚለው ቃል ሲሰሙ የተጻፈው ሊፈርስ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

መጨረሻ ላይ ክፍያው ይመጣል። መዝጋቢው ሙሉ ክፍያው 150 ፓውንድ መሆኑን፣ ዛሬ የሚከፈለው ግን አንድ አሥረኛው፣ «ፊፍቲን ፓውንድስ» መሆኑን ይናገራል። ክብደቱ ወደ መጀመሪያው ሸሽቷል፤ «ን» ከ«ፓውንድስ» ጋር ተጣብቋል። ጆሮ 50 ሊል ይችላል። ቀብድ አነስ ያለ መሆኑን አስቀድሞ የገመተና «አንድ አሥረኛ» የሚለውን የሰማ ሰው ግን የ150 አሥረኛ 15 መሆኑን ያውቃል። እዚህ ያለው ሌላው ወጥመድ 150ው ራሱ ነው። ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ በግልጽ ተነግሯል፤ የሌላ ጥያቄ መልስ መሆኑ ብቻ ነው ችግሩ። የፓውንድ ምልክቱ ታትሞ ስላለ 15 ብሎ መተው ይበቃል። ቁጥርን በአኃዝም በፊደልም መጻፍ ይፈቀዳል፤ አኃዝ ግን የስፔል ስህተት አያመጣም።

ከተሰማ በኋላ፣ ከመፈተን በፊት

በወረቀት የሚፈተን ሰው በመጨረሻ መልሱን ወደ መልስ መስጫው የሚያዛውርበት 10 ደቂቃ አለው፤ በኮምፒውተር የሚፈተን ሰው መልሱን እየሰማ ስለሚጽፍ ለመከለስ የሚሰጠው 2 ደቂቃ ብቻ ነው። በሁለቱም ድምፁ ተመልሶ አይሰማም፤ ስለዚህ የሚከለሰው ነገር አመክንዮ ነው። ጁን 31 የለውም። ስልኩ ስንት አኃዝ ሆነ? ስሙ ውስጥ ያለው Q ያለ U ነው ወይ? በወረቀት ላይ እጅ ጽሑፉ የማይነበብ ሰው በትልልቅ ፊደል መጻፍ ይችላል፤ ይፈቀዳል፤ በተለይ u እና v፣ n እና r ለሚምታቱበት ይረዳዋል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ በሰረዝ የተተወች ፊደል ባዶ መቅረት የለባትም። B እና V መካከል የቀረ ሰው አንዱን መምረጥ አለበት፤ የቱ የእንግሊዝኛ ስም እንደሚመስል ማየትም ብዙ ጊዜ ያግዛል።

ልምምዱ በቤት ውስጥ የሚሆን ነው። ሁለት ሰዎች ካሉ አንዱ የሠራቸውን ስሞች ስፔል ያደርጋል፣ ሌላው ይጽፋል። ብቻውን የሚለማመድ ሰው ራሱን በስልኩ ይቀዳና ስሞቹ ከተረሱ በኋላ ያዳምጣል፤ ይህ ግን ለእጅ ልማድ እንጂ ለጆሮ አይረዳም፤ የራስን አነጋገር መስማት የሌላ አገር ሰውን አነጋገር አያስለምድም። ለጆሮ የታተሙ የቀድሞ ፈተናዎች ቅጂ ይሻላል። በሁለቱም ሥራውን የሚሠራው እርማቱ ነው። ስንት ተገኘ ከማለት ይልቅ የትኛው ፊደል በየትኛው እንደተተካ መመዝገብ ያስፈልጋል። ከጥቂት ልምምድ በኋላ ዝርዝሩ ሲታይ ስህተቱ በሁለት ወይም በሦስት ጥንዶች ላይ የተከማቸ ሆኖ ይገኛል፤ አንዱ ሰው ሁልጊዜ E እና I ላይ፣ ሌላው «ቪ» እና «ቢ» ላይ፣ ሌላው ቁጥር ላይ ብቻ። ሃያ ስድስቱን ፊደላት በሙሉ መለማመድ ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚያስፈልገው እነዚያ ጥንዶች ብቻ የተሞሉባቸውን ስሞች እየሠሩ፣ እጅ ሳይጠይቅ ትክክለኛውን ፊደል እስኪጽፍ መደጋገም ነው። ቁጥርም እንዲሁ፣ ሁልጊዜ ከኋላው ፓውንድ ወይም ደቂቃ ተከትሎት ቢነገር ይመረጣል፤ ብቻውን የተነገረ 15 በፈተናው ከሚመጣው 15 ጋር አይመሳሰልምና።